“የሉም” መልስ አይደለም

“ኃላፊው የሉም።”
“መቼ ይመለሳሉ?”
“እንጃ፣ ደውለው ይሞክሩ።”

ይህን ምልልስ በአካል ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ የማነሳው ግን ድምፅ የሌለውን ወንድሙን ነው። ኢሜይል ትጽፋላችሁ፣ ዝም። ትደግማላችሁ፣ ዝም። በር ላይ ያለው ጥበቃ ቢያንስ ሰውዬው አለመኖሩን ይነግራችኋል። የመልእክት ሳጥኑ ግን ይህንንም አይነግራችሁም። ጽሑፋችሁ ደርሶ ይሁን፣ ተነቦ ይሁን፣ ተንቆ ይሁን የምታውቁበት መንገድ የለም።

ለዚህ መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ኢሜይል ያለው ሰው ሁሉ ቢሮ በማይኖርበት ጊዜ ለሚጽፍለት ሰው በራሱ የሚሄድ አጭር መልስ አዘጋጅቶ መውጣት ይችላል። በጨዋ ቃል “አሁን የለሁም” ይላል፣ የሚመለስበትን ቀን ይናገራል፣ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው ወዴት መሄድ እንዳለበት ያሳያል። አዘጋጅቶ ለመውጣት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሰው የሚያገለግል መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሳያደርግ ለፈቃድ የሚወጣ ሰው ረሳሁ ሊል አይገባም። ሥራውን ሳያስረክብ ወጥቷል።

ነገሩ ጥቃቅን ለሚመስለው አንድ ታሪክ ልንገር። የዩኒቨርሲቲውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም።

አንድ ወዳጄ ጀርመን አገር ነው። ለማስተርስ ያመለከተበት ተቋም ትራንስክሪፕቱ ከተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክለት ጠየቀው። የመጨረሻው ቀን ጃንዋሪ 15፣ 2026 ነበር፤ በእኛ ጥር 7 ቀን 2018፣ ሐሙስ። ወዳጄ ክፍያውን በእህቱ በኩል ቀድሞ ፈጽሞ፣ ደረሰኙን አያይዞ፣ ሰኞ ታኅሣሥ 27 ቀን ለሚመለከታት ባለሙያ ጻፈ። አሥር ቀን አለው። ሥራው ደግሞ ፋይሉን ከፍቶ፣ አረጋግጦ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ መላክ ብቻ ነው።

መልስ የለም። ረቡዕ ገና ነው፤ በዓሉ ይለፍ ብሎ ጠበቀ። በማግስቱ ሐሙስ ደግሞ ጻፈ፣ ዝም። ጥር 4 ቀን ሰኞ ከዚያ ሆኖ ስልክ ደወለ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። በማግስቱ እህቱ ከሥራዋ አስፈቅዳ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ሄደች። በመስኮቱ በኩል የተሰጣት መልስ “ልጅቷ ፈቃድ ናት፣ ከጥምቀት በኋላ ተመለሺ” የሚል ነው። ሌላ የሚሠራው ሰው የለም ወይ ብላ ብትጠይቅ “የያዘችው እሷ ናት” ተባለች። ቀኑ አለፈ።

ጥር 12 ቀን ማክሰኞ ባለሙያዋ ተመለሰች። ክፉ ሰው አይደለችም። ኢሜይሎቹን አንብባ ደነገጠች፣ ያን ቀን ጠዋት ሰነዱን ላከች። ከዚያ ለወዳጄ የጻፈችለት ዓረፍተ ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። “ምነው አጠገቤ ለሚቀመጠው ባልደረባዬ አልጻፍክለትም? እሱም እኮ መፈረም ይችላል” አለችው።

እንግዲህ ከዚያ ቢሮ ምን እንደጎደለ አስቡት። የሰው ኃይል አልጎደለም፤ መፈረም የሚችል ሰው አጠገቧ ተቀምጧል። ሥልጣን፣ ማኅተም፣ ኔትወርክ፣ መልካም ፈቃድ፣ ሁሉም አለ። የጎደለው የባልደረባውን አድራሻ የያዘ አንድ መስመር ነው። ያ መስመር ታኅሣሥ 27 ቀን ለወዳጄ ቢደርሰው ኖሮ በዚያው ሳምንት ጉዳዩ ያልቅ ነበር። አሁን የሚቀጥለውን ዓመት ማመልከቻ እየጠበቀ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በልጅቷ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም። ፈቃድ መብቷ ነው፤ ከገና እስከ ጥምቀት ማረፏም ደግ አደረገች። ፈቃድ እንደ መብረቅ ድንገት የሚወርድ ነገር ግን አይደለም። የግል ድርጅቶችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሲሰጥ፣ ፈቃዱ በወጣ ፕሮግራም መሠረት እንዲሆን ይላል። በመንግሥት ቤትም ፈቃድ በቅጽ ይጠየቃል፣ በአለቃ ይፈረማል። ስለዚህ አለመኖሯ አስቀድሞ በጽሑፍ የታወቀ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያውቃል፣ አለቃዋ ያውቃል፣ የመስኮቱ ሠራተኛ ያውቃል። የማያውቀው ባለጉዳዩ ብቻ ነው። ያለማወቁ ዋጋም፣ ታክሲውም፣ ስልኩም፣ ዓመቱም የሚከፈለው ከእሱ ኪስ ነው።

አሁን ወደ መልሱ ልምጣ። ያቺ ባለሙያ ልትጽፈው ይገባት የነበረው ይህን ያህል ነው፦

“ጤና ይስጥልኝ። ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ከሰኞ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 (ጃንዋሪ 5፣ 2026) ጀምሮ በፈቃድ ላይ ነኝ። ማክሰኞ ጥር 12 ቀን 2018 (ጃንዋሪ 20፣ 2026) ጠዋት ሥራ እገባለሁ። በእነዚህ ቀናት ኢሜይል አላነብም። የትራንስክሪፕትና የማስረጃ ጥያቄዎ ከጥር 12 በፊት መድረስ ያለበት ከሆነ፣ ይህንኑ ደብዳቤ ከነደረሰኙ ለሰነድ ማረጋገጫ ዴስክ በዚህ አድራሻ ይላኩ፤ ተክቶኝ የሚሠራው ባልደረባዬ ይፈጽምልዎታል። የማያስቸኩል ከሆነ ስመለስ በደረሰበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።”

ይኸው ነው። ከሥሩ የእንግሊዝኛው ይጨመር፤ ጻፊው የውጭ ተቋም ሊሆን ይችላላ።

በዚህ መልስ ውስጥ ትልቁ ጣጣ ቀኑ ነው፤ በተለይ ለእኛ። ሌላው ዓለም አንድ የዘመን አቆጣጠር ይዞ “እስከ 12 የለሁም” ቢል ብዙ አይሳሳትም። እኛ ግን ሁለት ይዘን ነው የምንኖረው። “እስከ 12” ጥር 12 ነው ወይስ ጃንዋሪ 12? ጃንዋሪ 12 ማለት ጥር 4 ነው፤ የስምንት ቀን ልዩነት አለ። በወዳጄ ታሪክ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ልክ በሁለቱ መካከል ነው የወደቀው። አንዱን ቢረዳ ይጠብቃል፣ ሌላውን ቢረዳ ሌላ በር ያንኳኳል። በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። “12/05/2018” ለእኛ ጥር 12 ነው። ጀርመን ያለው ሰው ግን ከስምንት ዓመት በፊት የነበረ የሜይ ወር ቀን አድርጎ ነው የሚያነበው፤ ያን ጊዜ ተረስቶ የቀረ መልስ መስሎት ያልፈዋል። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፣ የሳምንቱ ቀን ይጨመር፣ ሁለቱም አቆጣጠር ይቀመጥ። የሳምንቱ ቀን ጌጥ አይደለም፤ ጻፊው ሲያሰላ ከተሳሳተ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

“እስከ” የምትለዋን ቃልም እፈራታለሁ። “እስከ ጥር 11 ፈቃድ ላይ ነኝ” ሲባል በ11 ትገባለህ ወይስ በ12? ጥር 11 ደግሞ ጥምቀት ነው፤ ማንም አይገባም። ባለጉዳይ የሚፈልገው ፈቃዱ የሚያልቅበትን ቀን ሳይሆን ሰው ወንበሩ ላይ የሚገኝበትን ቀን ነው። “ማክሰኞ ጥር 12 ጠዋት ሥራ እገባለሁ” ያለ ሰው ለክርክር ቦታ አይተውም።

ከዚህ ቀጥሎ “አልፎ አልፎ ኢሜይሌን አያለሁ” የሚሉትን ልንካቸው። ይህች ዓረፍተ ነገር ትሑት ትመስላለች፤ ሥራዋ ግን ሰውን ማገት ነው። ያነበባት ሁሉ “ምናልባት ዛሬ ያይ ይሆናል” ብሎ ይጠብቃል፣ ወደ ተተኪው አይሄድም። የምታነቡ ከሆነ መቼ እንደሆነ ተናገሩ። የማታነቡ ከሆነ “አላነብም” በሉ። ግልጽ መሆን አለመከበር የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጨዋነት ባለጉዳዩን ሳያንከራትቱ እርስዎ ብሎ ማናገር ነው። የት እንደሄዳችሁ፣ ለምን እንደሄዳችሁ መዘርዘርም አይጠበቅባችሁም። ለወሊድም ይሁን ለለቅሶ፣ ለጻፈው ሰው ጉዳዩ አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ ተተኪው ነው። ብዙ አውቶማቲክ መልስ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። “ለአስቸኳይ ጉዳይ እገሌን ያነጋግሩ” ይልና እገሌ ያችኑ ሳምንት ራሱ ፈቃድ ወጥቶ ይገኛል። በበዓል ሰሞን ከአንዱ አውቶማቲክ መልስ ወደ ሌላው አውቶማቲክ መልስ ተልኬ፣ ሁለተኛው መልሶ ወደ መጀመሪያው የላከኝ ጊዜ አለ። ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው “ይግቡ፣ አይ እርስዎ ይግቡ” የሚባባሉ መስሎኝ ስቄ ነበር፤ ጽሑፌ ግን በዚያ ሳምንት አልወጣም። ስለዚህ ከመውጣት በፊት ተተኪውን በቃል መጠየቅ ያስፈልጋል። በእነዚያ ቀናት አለ ወይ? ስሙን እንደጠራችሁት ያውቃል ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ መፈረም ይችላል ወይ? ውክልና የሌለው ተተኪ “ይመዝገብልዎትና ሲመጡ ይነገራቸዋል” ከማለት በቀር የሚያደርገው የለም። ያ ደግሞ ሁለተኛ መስኮት መክፈት ነው እንጂ ጉዳይ መፈጸም አይደለም። ከተቻለም ከሰው ስም ይልቅ የክፍሉ የጋራ አድራሻ ይጻፍ፤ ሰው ይታመማል፣ ይዛወራል፣ ክፍሉ ግን ይቆያል።

አስቸኳይ ምን እንደሆነም መናገር ይገባል። “ለአስቸኳይ ጉዳይ” ብቻ ከተባለ በእኛ አገር አስቸኳይ ያልሆነ ጉዳይ የለም፤ ሁሉም ወደ ተተኪው ይጎርፋል፣ ተተኪውም በሦስተኛው ቀን ስልኩን ይዘጋል። ከላይ ባለው ናሙና መለያው አንድ ነው፤ ከጥር 12 በፊት መድረስ ያለበት። ባለጉዳዩ ራሱን በራሱ ይለያል።

አሁን አንድ የተደበቀ ወጥመድ። “እኔ እኮ ሞልቼ ነው የወጣሁት” የሚሉ ጨዋ ሠራተኞች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ብዙ ድርጅት በሚጠቀምበት `Outlook` ውስጥ `Automatic Replies` የሚለው መስኮት ሁለት ክፍል አለው፤ `Inside My Organization` እና `Outside My Organization`። የመጀመሪያውን ብቻ የሞላ ሰው መልሱን ለሥራ ባልደረቦቹ ብቻ ነው የሚልከው። እነሱ ደግሞ መውጣቱን በሻይ ሰዓት ሰምተዋል። በውጭ ያለው፣ ማወቅ የሚያስፈልገው ሰው ምንም አይደርሰውም። በ`Gmail` ደግሞ `Vacation responder` ሥር `Only send a response to people in my Contacts` የምትል ሳጥን አለች፤ እሷ ምልክት ከተደረገባት አዲስ ባለጉዳይ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከግል አድራሻችሁ ወይም ከጓደኛ ስልክ ለሥራ አድራሻችሁ አንድ መልእክት ላኩና መልሱ መጥቶ እንደሆነ እዩ። ካልመጣ ለሕዝቡም አልመጣም።

“ሰውን በመልስ ማጨናነቅ ይሆናል” ለሚሉት፦ አይሆንም። `Gmail` ለአንድ ሰው ደጋግሞ ቢጽፍም እንኳ በአራት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይመልስም። በብዛት ለሚላክ የዜና ዝርዝርና ለአይፈለጌ መልእክትም አይልክም። ይህን የሠሩት ሰዎች አስበውበታል።

ጠንከር ያለው መከራከሪያ የደኅንነት ነው፤ እሱን አልንቀውም። አለቃ አለመኖሩን ያወቀ አጭበርባሪ በአለቃው ስም ለሒሳብ ክፍል “ይህን ክፍያ ቶሎ ፈጽሙ” ብሎ መጻፉ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ማታለያ ነው። መድኃኒቱ ግን ዝምታ አይደለም። ለውጭ ሰው የሚሄደው መልስ ቀንና የክፍሉን አድራሻ ብቻ ይያዝ፤ የጉዞ አገር፣ የግል ስልክ፣ የበታች ሠራተኞች ዝርዝር አይግባበት። ክፍያ የሚያዝ ሰው ፈቃድ ሲወጣ ደግሞ ሒሳብ ክፍሉ አስቀድሞ ይነገረው።

“እዚህ አገር ኢሜይል ማን ይጠቀማል?” የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከቴሌግራም ላይ እየተነበበ ያለ ጽሑፍ ይህን ሊክድ አይችልም። እንግዲያው በቴሌግራምም ይሠራል። `Telegram Business` ውስጥ `Away Messages` የሚባል አለ፤ የፕሪሚየም ክፍያ ይጠይቃል። በ`WhatsApp Business` ደግሞ ያው አገልግሎት በነፃ ነው። ሁለቱንም የማይፈልግ ሰው በፕሮፋይሉ ላይ “እስከ ማክሰኞ ጥር 12 ጠዋት የለሁም፤ ለዚህ ጉዳይ ወደዚህ” ብሎ መጻፍ ይችላል። እህቲቱ የቆመችበት መስኮት ላይም አንድ ወረቀት መለጠፍ ይቻል ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አይደረግም? ስንፍና ነው ብዬ አላምንም። እኔ እንደታዘብኩት ትልቁ ምክንያት ተተኪ መሰየም መፈራቱ ነው። “እሱም መፈረም ይችላል” ተብሎ በጽሑፍ ከወጣ በኋላ፣ ስመለስ ሰው ወደ እኔ ለምን ይመጣል? ሥራው ያለ እኔ መሄዱ ከታየ እኔ ምን እሆናለሁ? ስለዚህ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉ አብሮ ፈቃድ ይወጣል፣ “የያዘችው እሷ ናት” የሚለው ቃል ደንብ ይሆናል። ጉዳዩ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ ቀርቶ የሰውየው ይሆናል። ያቺ ባለሙያ ይህን አስባ አይደለም። የተቀመጠችበት ቤት ግን እንዲህ እንዲታሰብ አድርጎ የተሠራ ነው፤ የመስኮቱ ሠራተኛ የጎን ወንበሩን ሳያይ የመለሰውም ለዚህ ነው።

ስለ ሙያዬም አንድ ነገር ልበል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ለጠየቀ ሰው ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጠው ያዛል። ያ 30 ቀን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ፈቃድ ሲወጣ አብሮ አያርፍም። ጥያቄ ልኬ፣ ሁለቴ አስታውሼ፣ ዝም ተብዬ “ምላሽ ለማግኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም” ብለን ያወጣን ጊዜ፣ ኃላፊው ከፈቃድ ተመልሰው “ማን ጠየቀኝ?” ብለው ለአርታኢው የደወሉበት አጋጣሚ ከአንድ በላይ ነው። ሦስት መስመር መልስ ቢኖር እኔም ተተኪያቸውን እጠይቅ ነበር፣ የእሳቸውም ተቋም ወገን በዘገባው ውስጥ ይገባ ነበር። በበኩሌ አውቶማቲክ መልስ ከደረሰኝ፣ ቀኑ ከተነገረኝና ጉዳዩ የሚጠብቅ ከሆነ፣ እጠብቃለሁ። ዝም ላለኝ ሳጥን ግን የማልጠብቅበት ምክንያት አለኝ፤ አለመኖሩን አላውቅማ።

የምጠይቀው ይህ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት የፈቃድ ቅጽ ላይ ሥራውን ተክቶ የሚሠራ ሰው ስም የሚጻፍበት መስመር አለ፤ ለወጉ ይሞላል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። በዚያ መስመር ሥር አንድ ይጨመር፤ “አውቶማቲክ መልሱ ተሞልቶ ከውጭ አድራሻ ተፈትኗል።” አለቃው ያን ሳያይ ፈቃዱን አይፈርም። የተተኪውም ውክልና ከዚያው ጋር ይፈረም። ሠራተኛውም ይጠቀማል፤ በእረፍቱ መካከል “አንዴ ብቻ” እየተባለ የሚደወልለት እኮ የሚደወልለት ሌላ ሰው ስላልታወቀ ነው።

ሲመለሱ ደግሞ ማጥፋት። `Gmail` ላይ `Last day` የሚለውን አስቀድሞ የሞላ ሰው ራሱ ይጠፋለታል። አንድ ቢሮ በሚያዝያ ወር ጽፌ “ጥር 12 እመለሳለሁ” የሚል መልስ ደርሶኛል። ሰውየው በዚያው ከሰዓት ደወሉልኝ፤ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።